ከደረሰኝ ፎቶ ወደ ዕቃና ወጪ ሠንጠረዥ፦ የአንድ የእንግዳ ማረፊያ ልምድ

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ የአንድ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ሒሳብ እይዛለሁ። ለረጅም ጊዜ ከእያንዳንዱ ደረሰኝ ላይ ጠቅላላ ድምሩን ብቻ እመዘግብ ስለነበር፣ የቤቱ ባለቤት በሦስት ወር ውስጥ ለሳሙና ምን ያህል እንደወጣና ምን ያህሉ በመጋዘን እንዳለ ሲጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ የሦስቱን ወር ደረሰኞች፣ 140 ያህል ይሆናሉ፣ አንድ በአንድ ፎቶ አንሥቼ በውስጣቸው ያለውን እያንዳንዱን የዕቃ መስመር ወደ ሠንጠረዥ ለማውጣት ወሰንሁ።

የመጀመሪያው እንቅፋት ወረቀቱ ራሱ ነበር። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የሚያትምበት ወረቀት ቀለም አይቀባበትም፤ የሚጠቁረው በሙቀት ነው። በእኛ ከተማ ሙቀት መኪና ውስጥ የቆየ ደረሰኝ ፊቱ በሙሉ ይጠቁራል፣ በላስቲክ ከረጢት የተቀመጠው ደግሞ ይደበዝዛል። አሁን ገዢው ደረሰኙን በተቀበለበት ቀን፣ በጥላ ሥር፣ በጥቁር ጨርቅ ላይ ዘርግቶ፣ ያለ ፍላሽ ያነሣዋል፤ ፍላሹ በሚያብለጨልጨው ወረቀት ላይ ነጭ ጠባሳ ትቶ ቁጥሮችን ይሸፍን ነበርና።

ጽሑፉን ከፎቶ የሚያነብልኝ ቴሰራክት የተባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። የመሣሪያ ደረሰኝ የዕቃውን ስም በላቲን ፊደል፣ የሻጩን ስም አንዳንዴ በአማርኛ ስለሚያትም ሁለቱንም ቋንቋዎች በአንድነት አዘዝሁት፦

```
tesseract r014.png r014 -l amh+eng --psm 6 -c preserve_interword_spaces=1
```

`--psm 6` ገጹን እንደ አንድ ወጥ የጽሑፍ ክፍል እንዲያየው ያደርጋል፤ ያለዚህ ፕሮግራሙ የስሙን ዓምድ ለብቻ፣ የዋጋውን ዓምድ ለብቻ አንብቦ መስመሮቹን ይበትናቸው ነበር። በእጅ የተጻፉትን ደረሰኞች ግን ሊያነባቸው ስላልቻለ እነርሱን ራሴ ጻፍኋቸው።

የተነበበው ሁሉ ትክክል ነው ብዬ አላመንሁም፤ ሥራው በእውነት የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ደረሰኝ ራሱን በራሱ የሚመሰክር ሰነድ ነው፤ ብዛት በነጠላ ዋጋ ሲባዛ የመስመሩን ዋጋ፣ የመስመሮቹ ዋጋ ሲደመር ከታክስ በፊት ያለውን ድምር፣ ያም 15 በመቶ ሲጨመርበት ጠቅላላውን መስጠት አለበት። ለምሳሌ አሥራ አራተኛው ደረሰኝ በወረቀቱ ላይ እንዲህ ነበር፦

```
SOAP LIQ 5L    4 x 380.00   *1,520.00
SOFT 10PCS     6 x 145.00     *870.00
BULB LED 9W    8 x 95.00      *760.00
BEREKINA 1L   12 x 55.00      *660.00
TXBL1                       *3,810.00
TAX1 15%                      *571.50
TOTAL                       *4,381.50
```

ፕሮግራሙ የአምፖሉን ብዛት 3 ብሎ አነበበው፤ የበረኪናው መስመር ደግሞ ወረቀቱ የታጠፈበት ላይ ስለነበር ጨርሶ አልተነበበም። ሠንጠረዡ ላይ አንድ መስመር አንድ ረድፍ ሆኖ፣ የደረሰኙ መለያ በ`A`፣ የዕቃው ስም በ`C`፣ ብዛት በ`D`፣ ነጠላ ዋጋ በ`E`፣ የመስመሩ ዋጋ በ`F` ስለሚገኝ፣ ሁለት ቀመሮች ብቻ በቂ ሆኑ፦

```
=IF(ABS(D2*E2-F2)<0.01,"","ይታይ")
=SUMIFS(F:F,A:A,A2)
```

የመጀመሪያው የአምፖሉን መስመር አመለከተኝ፤ 3 በ95 ሲባዛ 285 እንጂ 760 አይሆንምና። 760 ለ95 ሲካፈል በትክክል 8 ስለሚወጣ ስህተቱ ከብዛቱ ላይ መሆኑን ገመትሁ፤ ያም ሆኖ ፎቶውን ሳላይ አላረምሁም። ሁለተኛው ቀመር የሦስቱን መስመሮች ድምር 3,150 ብሎ ሰጠኝ፤ ከ3,810 ጋር ያለው ልዩነት 660 ስለሆነ የጎደለው መስመር ዋጋው ስንት እንደሆነ ሳላየው አወቅሁ፤ ወረቀቱን ዘርግቼ ስመለከትም በረኪናውን አገኘሁት። ከታክስ ነፃ የሆነ ዕቃ ባለበት ደረሰኝ ላይ ይህ ንጽጽር ታክስ የሚከፈልበት ድምር `TXBL1` እና የማይከፈልበት ድምር `NOTXBL` ተደምረው መደረግ አለበት። ረጅም ደረሰኝ በሁለት ፎቶ ሲነሣ መጋጠሚያው ላይ ያለ መስመር ሁለት ጊዜ እንዳይገባ የሚጠብቀኝም ይኸው ድምር ነው።

ይሁንና የሒሳብ ማረጋገጫ ሊያየው የማይችለው ስህተት አለ፤ እኔም የደረስሁበት በሠንጠረዡ ሳይሆን በመጋዘን ኃላፊዋ ነው። የወሩን ቀሪ አትሜ ስሰጣቸው ወረቀቱን አይተው፣ «ልጄ፣ ሶፍት ስድስት ገባ ትላለህ፤ እኔ ጋ ግን ሃምሳ ሦስት ተቆጥሯል፤ ይኼ ከየት መጣ?» አሉኝ። 6 በ145 ያለ ጥርጥር 870 ነው፤ ነገር ግን የተገዛው ስድስት እሽግ፣ በእያንዳንዱም አሥር ጥቅል፣ በጠቅላላው 60 ጥቅል ነበር፤ ሰባቱ ለክፍሎች ወጥተዋል። ደረሰኙ የሚቆጥረው ሻጩ በሸጠበት መጠን ሲሆን መጋዘኑ የሚቆጥረው ተጠቃሚው በሚወስደው መጠን ነው። ስለዚህ የደረሰኙን ብዛት ሳልነካ፣ «በአንዱ ውስጥ ስንት» የሚል ዓምድ ጨመርሁ፤ የመጋዘን ብዛት የሁለቱ ብዜት ሆነ፤ የአንድ ጥቅል ሶፍት ዋጋም ከታክስ በፊት 14 ብር ከ50 ሳንቲም ሆኖ ወጣ።

ይህ መረጃ የሚኖረው በተለየ የስሞች ገጽ ላይ ነው። እዚያም በደረሰኙ ላይ የተገኘው ስም እንዳለ ይቀመጥና ከጎኑ የእኛ ስም፣ ምድቡ፣ መለኪያውና በአንዱ ውስጥ ያለው ብዛት ይጻፋል። የአማርኛ ስም በላቲን ሲጻፍ ወጥነት ስለሌለው አንዱ ሱቅ `BEREKINA`፣ ሌላው `BERKINA`፣ ሦስተኛው `BEREKENA` ብሎ ያትማል፤ ሦስቱም «በረኪና» ወደሚለው አንድ ስም ይመራሉ። መጀመሪያ ስሙን ብቻ ቁልፍ አድርጌ ነበር። ነገር ግን `SOFT` የሚለው ቃል በአንዱ ሱቅ እሽግ፣ በሌላው ነጠላ ጥቅል ሆኖ ስላገኘሁት የሻጩን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ስሙን አጣምሬ ቁልፍ አደረግሁ። የሁለቱ ነጠላ ዋጋ ወደ አሥር እጥፍ ሲራራቅ ማየቴ ነው ያነቃኝ።

ምድቦቹን በዐምስት ወሰንኋቸው፤ የጽዳት ዕቃ፣ የቁርስ ግብዓት፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ዕቃ፣ የጥገና ጉልበት፣ ልዩ ልዩ። ከእነዚህ የጥገና ጉልበት በቀጥታ ወደ ወጪ ይሄዳል፤ የቀሩት ግን መጋዘን ገብተው ሲወጡ ብቻ ወጪ ይሆናሉ። ታክሱን በተለየ ዓምድ አስቀምጣለሁ። ቤቱ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ በመሆኑ የከፈልነው ታክስ ከሰበሰብነው ላይ ይቀናነሳል እንጂ የዕቃው ዋጋ አካል አይሆንም፤ ያልተመዘገበ ድርጅት ግን በዋጋው ላይ ሊደምረው ይገባል።

ቀኑም ያላሰብሁትን ችግር አመጣ። መሣሪያው `05/03/2024` ብሎ ያተመበት ዕለት ከቀፊራ ገበያ በእጅ ተጽፎ የመጣው ደረሰኝ 26/6/2016 ይላል፤ ሁለቱም አንድ ቀን ናቸው፣ የካቲት 26 ቀን 2016 ዓ.ም.። ሠንጠረዡ ግን ሁለተኛውን ስምንት ዓመት ያህል ወደኋላ ወስዶ ከወሩ ወጪ ውጭ አደረገው። አሁን በወረቀቱ ያለው ቀን በአንድ ዓምድ እንደ ተራ ጽሑፍ፣ የተለወጠው በሌላ ዓምድ ይቀመጣሉ። አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ፎቶ ተነሥቶ እንዳይገባም `FS No.` የሚለውን የደረሰኝ ቁጥር ከሻጩ መለያ ጋር አያይዤ መኖሩን አረጋግጣለሁ፤ ያ ቁጥር ብቻውን በተለያዩ ሻጮች ዘንድ ሊደገም ይችላልና።

በመጨረሻ ዘጠኝ ደረሰኞች ከመደብዘዛቸው የተነሣ ጠቅላላ ድምራቸው እንጂ መስመራቸው አልታይ አለ። እነርሱን በግምት ወደ ምድቦች አልከፋፈልኋቸውም፤ «ያልተዘረዘረ» በሚል ስድስተኛ ምድብ በሙሉ ድምራቸው ገብተው፣ የፎቷቸው መለያ ከጎናቸው ተጽፎ፣ ባለቤቱ በየወሩ በሚያዩት ገጽ የታችኛው ረድፍ ላይ ይገኛሉ።