ጥር 11 ወይስ ጥር 12? የልደት ቀኔን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስለውጥ የገባኝ

ለሁለት ዓመት ያህል ኮከቤ ሠውር ነው ብዬ አምኜ ነበር። የሕይወት ቁጥሬም 33 ነው እል ነበር። ሁለቱም የመጡት ከአንድ ስህተት ነው።

የልደት የምስክር ወረቀቴ ላይ የተጻፈው ጥር 11 ቀን 1980 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የኮከብ ቻርት ላሠራ ስል ዓመቱ ላይ 8 ደመርኩና 11/05/1988 ብዬ አስገባሁ። ጥር አምስተኛ ወር አይደል? ኮምፒውተሩ ግን 05ን ሜይ አድርጎ ነው ያነበበው። ሜይ 11 የተወለደ ሰው ሠውር ነው። ቁጥሩም ሲደመር 1+1+5+1+9+8+8፣ ማለትም 33 ይሆናል። 33 በኒውመሮሎጂ ከማይቀነሱት ትልልቅ ቁጥሮች አንዱ ነው፤ ስለዚህ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩት። ዓመቱን ብቻ ለውጦ ቀኑንና ወሩን እንዳለ መተው በጣም የተለመደ ስህተት መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የስንቱን ጓደኛዬን ቻርት እንዲህ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ያነቃኝ ቻርት ማንበብ የሚወድ ጓደኛዬ ነው። «አንተ የተወለድከው በጥምቀት አይደል እንዴ? ጥምቀት መቼ ነው ሜይ ላይ የሚውለው?» አለኝ። ያኔ ከባዶ ጀመርኩ።

ትክክለኛው መንገድ የእያንዳንዱ ወር 1ኛ ቀን በፈረንጅ የት እንደሚውል ማወቅና ከዚያ መቁጠር ነው። በተለመደ ዓመት መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነው። ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11፣ ኅዳር 1 ኖቬምበር 10፣ ታኅሣሥ 1 ዲሴምበር 10፣ ጥር 1 ጃንዋሪ 9፣ የካቲት 1 ፌብሯሪ 8 ይውላሉ። መጋቢት 1 ማርች 10፣ ሚያዝያ 1 ኤፕሪል 9፣ ግንቦት 1 ሜይ 9፣ ሰኔ 1 ጁን 8፣ ሐምሌ 1 ጁላይ 8፣ ነሐሴ 1 ኦገስት 7፣ ጳጉሜ 1 ደግሞ ሴፕቴምበር 6 ነው። ዓመቱ ላይ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ለተወለደ 7፣ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ለተወለደ 8 ይደመራል። በተለመደ ዓመት ለተወለደ፣ ዛሬ በሕይወት ላለ ሰው ሁሉ ይህ ይሠራል።

በዚህ ስቆጥር ጥር 11 ጃንዋሪ 19 ቀን 1988 ሆነ። ከሠውር ወጥቼ ጀዲ ገባሁ። ቁጥሩም 1+9+1+1+9+8+8 ሲደመር 37፣ 3 እና 7 ሲደመር 10፣ በመጨረሻ 1 ሆነ። አለቀ ብዬ ነበር። አላለቀም።

ጓደኛዬ «ዘመኑ ማን ነው?» ሲለኝ መጀመሪያ ነገሩ አልገባኝም። ዓመቶቻችን በአራቱ ወንጌላውያን ስም ይጠራሉ። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ማካፈል ብቻ ነው። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ ነው፤ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። 1980 ለ4 ሲካፈል 495 ይደርሳል፣ ቀሪ የለውም። ስለዚህ የተወለድኩት በዘመነ ዮሐንስ ነው።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ጳጉሜ 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው። ያቺ ተጨማሪ ቀን ቀጣዩን አዲስ ዓመት አንድ ቀን ትገፋዋለች። ስለዚህ የዘመነ ዮሐንስ መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ነው። ፈረንጆቹ የራሳቸውን ተጨማሪ ቀን የሚያስገቡት ዘግይተው ፌብሯሪ 29 ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ቀን ከሰንጠረዡ በአንድ ይበልጣል። ፌብሯሪ 29 በእኛ የካቲት 21 ነው። ከየካቲት 22 ጀምሮ ነገሩ ወደ ቦታው ይመለሳል። ማለት ይህ የሚነካው በዘመነ ዮሐንስ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 የተወለደውን ብቻ ነው። በእነሱ ላይ የሚለየው ሌላው ነገር ጃንዋሪ 1 ታኅሣሥ 22 ላይ መዋሉ ነው፤ 8 መደመር የሚጀመረውም ከዚያው ቀን ነው።

ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ ጥምቀትን ተመልከቱ። አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ነው የሚውለው። 2016 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ ነበርና ጃንዋሪ 20 ዋለ። የእኔም ጥር 11 እንደዚያው ጃንዋሪ 20 ሆነ። ቁጥሩ ሲደመር 29፣ ከዚያ 11 መጣ። 11ም እንደ 33 ሳይቀነስ የሚቀመጥ ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቤ ተንጠለጠለ፤ አንድ ቀን ብትዛነፍ ከ1 ወደ 11 መዝለል ቀላል ነገር አይደለም።

ቻርት ግን ሰዓትም ይፈልጋል። እማዬ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ስንት ሰዓት ነው የተወለድኩት?»

«ሌሊት ስምንት ሰዓት አካባቢ ነው ልጄ።»

«በጥምቀት ሌሊት?»

«በጥምቀት ማታ ታቦቱን ሸኝተን ገብተን ነው ምጡ የያዘኝ። አንተ የተወለድከው ለቃና ዘገሊላ አጥቢያ ነው። ጥምቀት ረቡዕ ስለዋለ ጾም አልነበረም፣ እሱን አልረሳውም።»

ስልኩን ይዤ ቆምኩ። «አጥቢያ» የምትለው ቃል ሁሉን ገለበጠችው። ለቃና ዘገሊላ አጥቢያ ማለት ጥምቀት አልፎ ጥር 12 ሊነጋ ሲል ማለት ነው። እኛ ዘንድ ቀኑ የሚቆጠረው ከንጋት ስለሆነ፣ ሌሊቱን ገና የጥር 11 አድርገው መዝግበውታል። በፈረንጅ ግን ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ፣ ማለትም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ለእነሱ አዲሱ ቀን ከገባ ሁለት ሰዓት ሞልቶታል። ስለዚህ የእኔ ቀን ጃንዋሪ 21 ነው፣ ሰዓቱም 2:00።

እናት ልጇን ስለወለደችበት ሌሊት ስትናገር ማመን አለብኝ ብዬ አስባለሁ። ሆኖም ሌላ ማስረጃ ፈለግሁ። የክርስትና ካርዴን አወጣሁ፤ የካቲት 21 ቀን 1980 ይላል። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በ40 ቀኑ ነው፣ የተወለደበት ቀንም ይቆጠራል። ከጥር 12 እስከ ጥር 30 ድረስ 19 ቀን ነው፤ ከየካቲት 21 ቀን ሲጨመርበት ልክ 40። ከጥር 11 ብቆጥር 41 ይመጣል። ይህ ብቻውን አይበቃም፣ ምክንያቱም 21 የማርያም ቀን ስለሆነ ለዚያ ሲሉ አንድ ቀን ሊያዘገዩት ይችሉ ነበር። ከእማዬ ቃል ጋር ሲገጥም ግን ለእኔ በቂ ሆነ። ሴት የሆናችሁ በ80 ቀን ቁጠሩ።

ሦስተኛው ማረጋገጫ የሳምንቱ ቀን ነው፣ እሱን ማንም ሊያደርገው ይችላል። የስልክ ካላንደር ላይ ወደ ጃንዋሪ 1988 ተመለስኩ። 20 ረቡዕ ነው። እማዬ ካለችው ጋር ገጠመ። 19 ማክሰኞ ነው፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ቆጠራዬ ስህተት መሆኑ ከዚህም ይታያል። ሰው ቀኑን ቢረሳ እንኳ «ቅዳሜ ገበያ ነበር» ወይም «እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ» የሚል ነገር አይረሳም። ቤተሰብ ስትጠይቁ ከቀን ቁጥር በፊት ይህን ጠይቁ።

አሁን ቻርቱ እንዲህ ሆነ። በዚያ ዓመት ፀሐይ ከጀዲ ወደ ደለዊ የተሻገረችው ጃንዋሪ 20፣ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እኔ የተወለድኩት ከዚያ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ቆይቶ ነው። ፀሐዬ ደለዊ ውስጥ ናት፣ አንድ ዲግሪ እንኳ ሳትሞላ። ጥር 11ን ጃንዋሪ 20 ብዬ ያንኑ 2:00 ሰዓት ባስገባ ኖሮ ጀዲ መጨረሻ ላይ እቀር ነበር። የሕይወት ቁጥሬም 2+1+1+1+9+8+8፣ 30፣ ማለትም 3 ነው። 33 ሄደ፣ 1 ሄደ፣ 11ም ሄደ። 11ዱን ስለቀው ትንሽ ቅር ብሎኛል፣ አልዋሽም። ግን ቁጥሩ የእኔ ካልሆነ ስለ እኔ የሚነግረኝ ነገር የለም።

አንዳንድ ሰው «ለምን የሀበሻውን ቀን እንዳለ አትደምርም?» ይለኛል። 11/5/1980 ሲደመር 25፣ ከዚያ 7 ይሆናል። የሚጠቅሙት የኒውመሮሎጂ ማብራሪያዎች የተሠሩት በፈረንጅ ቀን ላይ ስለሆነ እኔ በዚያው መሄድን መረጥኩ። ከሁሉ የከፋው መቀላቀሉ ነው፤ ወሩ ከሀበሻ፣ ዓመቱ ከፈረንጅ ሲሆን ያ ቀን በየትኛውም ካላንደር የእናንተ አይደለም። የእኛ ሐሳበ ከዋክብት ደግሞ ከራስና ከእናት ስም ፊደላት ስለሚሰላ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም።

ስታስገቡ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስም ምረጡ፣ ቀንና ወር እንዳይገለበጥባችሁ። ሰዓቱንም በ6 ሰዓት ለውጡት። እኔ መጀመሪያ ላይ «ስምንት» ስለተባልኩ 8:00 ብዬ ነበር ያስገባሁት። አዲስ አበባ፣ የሰዓት ቀጠና +3 አድርጌ በ8:00 ሲሠራ ወጪ ኮከቤ፣ ማለትም በተወለድኩበት ሰዓት በምሥራቅ በኩል ይወጣ የነበረው ኮከብ፣ ደለዊ መጣ። በትክክለኛው 2:00 ሲሠራ ግን አቅራብ ነው፣ ወደ 23 ዲግሪ አካባቢ።

ችግሩ «ስምንት ሰዓት አካባቢ» የምትለው «አካባቢ» ናት። ወጪ ኮከብ በየአራት ደቂቃው አንድ ዲግሪ ያህል ይሄዳል። የተወለድኩት ከስምንት ተኩል በኋላ ከሆነ አቅራብ ያልቅና ቀውስ ይገባል። ፀሐዬንና ቁጥሬን ይህ አይነካቸውም። ለጊዜው ሁለት ቻርት አሠርቼ አስቀምጫለሁ፣ አንዱ በ2:00፣ ሌላው በ2:40። አክስቴ ያን ሌሊት እማዬ አጠገብ ነበረች። ለፋሲካ ስንገናኝ ዶሮ ጮኾ እንደሆነ እጠይቃታለሁ።