ለስድስቱም ሞተር አንድ ዘይት

ሰኔ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ከሒሳብ ክፍል ተደወለልኝ፤ «የተረፈ በጀት አለ፣ ተመላሽ ሳይሆን ዘይት ግዛበት» ተባልኩ። ጅማ ውስጥ ቡና ላይ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ንብረት ያዥ ነኝ። በእጄ ያሉት አንድ ፒካፕና ስድስት ባለ 125 ሲሲ ሞተር ሳይክሎች ናቸው፤ ባለሙያዎቹ ወደ ዴዶ፣ ወደ ማና፣ ወደ ሰቃ የሚወጡት በእነዚህ ነው። እስከዚያ ድረስ ለፒካፑ ሌላ፣ ለሞተሮቹ ሌላ ዘይት ነበር የምንገዛው። ያን ቀን ግን ሁለት ዓይነት ዘይት መቁጠር ሰለቸኝና ለፒካፑ የሚገባውን ሙሉ ሲንተቲክ 5 ደብልዩ 30 ለሁሉም አዘዝኩ። ዋጋው ከሞተሩ ዘይት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ቢበዛባቸው እንጂ የሚያንሳቸው አልመሰለኝም።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ የዴዶ መስመር ባለሙያዋ ጭቃ እንደለበሰች መጣች። «ጋሼ፣ ይቺ ሞተር ትጮኻለች እንጂ አትሄድም» አለችኝ። ሜዳ ላይ ደህና ናት፤ ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጣት ግን ድምጿ ይጨምራል፣ ፍጥነቷ እዚያው ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ጭነት አብዝታ መስሎኝ ነበር። ከዚያ የማናው መጣ። ከዚያ ሌላው። ሦስተኛውን ተቀብዬ ራሴ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት ወጣሁበት። አራተኛ ማርሽ ላይ ነዳጁን ሳስጨንቀው ሞተሩ ባዶ ማርሽ ላይ እንዳለ ያህል ጮኸ፤ እኔ ግን ዳዴ እያልኩ ነበር። የቡና ከረጢት የጫነ አህያ ባይቀድመኝም እኩል ሄደናል።

ከመርካቶ ጀርባ ያለው መካኒክ ሽማግሌ ነው፤ ብዙ አያወራም። መጀመሪያ የነካው የፍሪሲዮኑን ገመድ ነው። ገመዱ ከተወጠረ ማንሻው ሳይያዝ እንኳ ፍሪሲዮኑን በጥቂቱ ስለሚከፍተው፣ ያለ ምንም የዘይት ጥፋት ተመሳሳይ ምልክት ይሰጣል። የማንሻው ጫፍ ገመዱን ከመሳቡ በፊት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር በነፃ መሄድ አለበት። የእኛው ትክክል ነበር። «እንግዲያው ዘይቱን አምጣልኝ» አለ።

ቆርቆሮውን በኩራት ነው ያመጣሁት፤ ውድ ነዋ። ከፊት ያለውን ጽሑፍ አላየውም፤ ገልብጦ ከጀርባ ያለችውን ክብ ምልክት አሳየኝ። በክቡ መሃል ውፍረቱ ተጽፏል፤ ከታች በኩል ደግሞ «ሪሶርስ ኮንሰርቪንግ» ይላል።

«ይሄ ነዳጅ ይቆጥባል ማለት ነው» አለኝ።

«ታዲያ ጥሩ አይደል?»

«ለመኪናህ ጥሩ ነው። የመኪናህ ፍሪሲዮን ደረቅ ነው፣ ዘይት አይነካውም። የሞተርህ ግን ዘይት ውስጥ ነው የሚዋኘው።»

ከዚያ ከመደርደሪያ ላይ አሮጌ ፍሪሲዮን አውርዶ ፈታታልኝ። ሸራ ያላቸውና ልሙጥ ብረት የሆኑ ዲስኮች እየተፈራረቁ ተደርድረዋል፤ ሞላዎች አንድ ላይ ይጫኗቸዋል። የሞተሩ ጉልበት ወደ ማርሹ የሚያልፈው እነዚህ ዲስኮች ተጣብቀው ሲዞሩ ነው፤ የሚያጣብቃቸውም ሰበቃ ብቻ ነው። ነዳጅ ቆጣቢው የመኪና ዘይት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰበቃ የሚቀንስ ኬሚካል ይጨመርበታል። ያው ኬሚካል በሸራውና በብረቱ መካከል ሲገባ ዲስኮቹን ያንሸራትታቸዋል። ሜዳ ላይ የሚፈለገው ጉልበት ትንሽ ስለሆነ አይታወቅም፤ ዳገትና ጭነት ሲመጣ ይገለጣል። የኛ ባለሙያዎች መንገድ ደግሞ ዳገት ብቻ ነው።

ሲንተቲክ መሆኑ ነው ያበላሸው ብዬ ለሾፌራችን ነገርኩት፤ መካኒኩ ሰምቶ አረመኝ። ሲንተቲክም ሆነ ተራ፣ የሚጠየቀው ሌላ ነገር ነው። ጃሶ የሚባለው የጃፓን የመኪና ደረጃ፣ ለባለ አራት ምት ሞተር ሳይክል ዘይት የሰበቃ መለኪያ አለው። «ኤም ኤ» ወይም «ኤም ኤ 2» የሚል ያለበት ዘይት ለእርጥብ ፍሪሲዮን ተፈትኗል፤ 2 ያለው በኤም ኤ ውስጥ ከፍ ያለውን ሰበቃ የሚይዝ ነው። «ኤም ቢ» ግን ሰበቃው ዝቅተኛ ነው፤ ፍሪሲዮናቸው ዘይት ለማይነካው ስኩተሮች ይሆናል።

ይህን ተምሬ ኮቺ ሰፈር ወዳለ ሱቅ ሄድኩና፣ የሞተር ሳይክል ሥዕል ያለበትን፣ «4 ቲ» የሚል ዘይት ይዤ ተመለስኩ። መካኒኩ አሁንም ገለበጠው። ኤም ቢ ነበር። ሥዕሉን አምኜ ልከፍተው ነበር እኮ! መልሼ በኤም ኤ ቀየርኩት፤ ውፍረቱን በሞተሮቹ መመሪያ ላይ እንዳለው 20 ደብልዩ 40 አደረግነው።

ዘይቱን አንዴ መቀየር ግን አልበቃም። አሮጌው ሁሉ አይወርድም፤ ሸራው ራሱ የጠጣው አለ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሞተር አንድ ሊትር ገደማ አዲስ ዘይት ጨመርን፤ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዱ በኋላ ያንኑ አፍስሰን ደገምን። አምስቱ ተመለሱ። የዴዶዋ እንቢ አለች፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ እያንሸራተተች ዳገት ስትወጣ ከርማለች። ሽፋኑ ሲከፈት የተቃጠለ ሽታ ወጣ፤ ልሙጦቹ ብረቶች ሰማያዊ ሆነዋል፣ ሸራው ጠቁሮ እንደ መስተዋት ያብረቀርቃል። እንዲህ የሆነውን የትኛውም ዘይት አይመልሰውም። መካኒኩ አዲሶቹን ሸራዎች አዲሱ ዘይት ውስጥ ዘፍዝፎ አሳደረና በማግስቱ ገጠማቸው። የዚያች ሞተር ወጪ ብቻ አስቀርቼዋለሁ ያልኩትን ድካም ሁሉ በላው።

የፈሰሰውን ዘይት ላስወግድ ስል ከባለሙያዎቹ አንዱ «ጋሼ አትድፋው፣ ለካቴና ይሆነናል» አለ። ለካ ሁሉም ካቴናቸውን በተቃጠለ ዘይት ነው የሚያረጥቡት! እኔም ሳላውቅ አይደለም፣ ዝም ብዬ ነው እንጂ። መካኒኩ ሳቀ፤ «ጥላሸትና የብረት ብናኝ ያለበትን ነው ካቴናው ላይ የምታፈሱት» አለ። ደግሞም ቀጭን ስለሆነ ሲዞር ተፈናጥሮ ጎማው ላይ ያርፋል። ግራሶ የሚቀቡም አሉ፤ እሱ ከውጭ ተለጥፎ የክረምቱን ጭቃ ይሰበስባል እንጂ ወደ ፒኖቹ አይገባም።

እሱ ያዘዘን 80 ደብልዩ 90 የማርሽ ዘይት ነው። ከሥራ ሲመለሱ፣ ካቴናው ሳይቀዘቅዝ፣ በነጭ ጋዝና በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል፤ ቤንዚን በካቴናው መገጣጠሚያ ያሉትን የጎማ ቀለበቶች ሊጎዳ ስለሚችል አይነካም። ካደረቁት በኋላ ሞተሩን አጥፍቶ፣ የኋላውን ጎማ በእጅ እያዞሩ ዘይቱን በካቴናው ውስጠኛ ጎን ማንጠባጠብ፣ ጥቂት ቆይቶ የተረፈውን በጨርቅ መጥረግ። በበጋ በየ500 ኪሎ ሜትሩ፤ በክረምት ዝናብ ከመታው ምሽቱን።

አሁን መጋዘኔ ውስጥ ሦስት ጀሪካን አለ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎበታል። ባለፈው ሳምንት የፒካፑ ሾፌር መጣና «ወንድሜ፣ የኔ አልቋል፤ ከሞተሮቹ ትንሽ ቅዳልኝ» አለኝ። ቀዩን ባዶ ጀሪካን አስይዤ ወደ ኮቺ ላክሁት።