የኮምቦልቻው ጎርፍና ወደ ደቡብ የወደቀው ጥላ

ደሴ ውስጥ በምሠራበት የዜና ክፍል፣ ኅዳር ላይ፣ «ዛሬ ቀትር ኮምቦልቻን ያጥለቀለቀ ጎርፍ» የሚል አጭር ቪዲዮ ደረሰን። ኮምቦልቻ የደወልንላቸው ሰዎች በሰፈራቸው ጎርፍ እንዳላዩ ነገሩን፤ ይህ ግን በሌላ ሰፈር ጎርፍ አለመኖሩን አያረጋግጥም። በኅዳርም ቢሆን ያለወቅቱ ዶፍ ሊጥል ስለሚችል፣ የአየሩን ጠባይ ብቻ አይተን ልንጥለው አልቻልንም።

ቦታው ብዙ አላስቸገረንም። አንድ ሚኒባስ ላይ «ደሴ» የሚል ሰሌዳ ቢታይም ይህ መድረሻውን እንጂ የቆመበትን ከተማ አይናገርም፤ የሱቆቹ ማስታወቂያዎችና የመስጊዱ ሚናራ ግን ከምናውቀው የኮምቦልቻ መንገድ ጋር ገጠሙ። የከበደን ቀኑ ነበር።

መስጊዱን ደግመን ስናየው፣ በአንደኛው ግድግዳ ላይ ቂብላን፣ ማለትም ወደ መካ የሚሰገድበትን አቅጣጫ፣ የሚያመለክተው ሚህራብ ወደ ውጭ ጎልቶ ይታያል። መካና ኮምቦልቻ በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናቸው ለማለት ስለሚያስደፍር፣ እዚህ ቂብላ ማለት ሰሜን ማለት ነው፤ ስለዚህ ያ ግድግዳ ከኮምፓስ የማይተናነስ መሪ ሆነልን። ጎርፉን ዳር ቆሞ የሚመለከት ሰው ጥላ ከሚህራቡ በተቃራኒ፣ ወደ ደቡብ፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ አዘንብሎ ወድቋል። «ጋሼ፣ ሰዓቱን ሳናውቅ ጥላው ምን ይነግረናል?» ብላ ወጣት ባልደረባዬ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ፣ በእነዚያ ወራት ኮምቦልቻ ላይ ጥላ በየትኛውም ሰዓት ወደ ደቡብ አይወድቅም። ኅዳር የሚለው በዚህ ብቻ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ወሩን ለማጥበብ ሰዓቱ አስፈለገን። ከጀርባ የቀትሩ ሶላት ጥሪ፣ የዙህር አዛን፣ ይሰማል፤ ድምፅ ከሌላ ቦታ ሊቀጠል ስለሚችል ግን በእሱ ብቻ አልተማመንም። ፀሐይ ወደ አናት ስትጠጋ የጥላው አቅጣጫ በጥቂት ደቂቃ ብዙ ስለሚዞር፣ የጥላው መጠነኛ ዝንባሌ ቀትር ገና ማለፉን ከአዛኑ ጋር ተስማምቶ መሰከረ። የጥላው ርዝመት ከሰውዬው ቁመት አንድ አምስተኛ ያህል ነበር፤ ይህም ፀሐይ ከአናት 11 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ማዘንበሏን ያሳያል። ኮምቦልቻ በ11 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለሆነች፣ ልኩ በግንቦት መጨረሻም በሰኔ መጨረሻም ይገጥማል፤ ከምስል ላይ ስንለካ የምንስተውን ስንጨምር ደግሞ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ይሰፋል። ከሁለቱ ጫፎች የትኛው እንደሆነ ጥላው ራሱ አይለይም። በወሎ ሰኔ በበልግና በክረምት መካከል ደረቅ ስለሚሆን፣ ዳገቱ ላይ የሚታየው ለምለም ሣር ወደ ሐምሌ እንድናደላ አደረገን።

ዓመቱን ደግሞ ጥላ አይናገርም፤ በየዓመቱ ይመላለሳልና። በቪዲዮው ጥግ የባሕር ዛፍ መወጣጫ የተደገፈ፣ ገና ሁለተኛ ፎቁ ላይ ያለ ሕንፃ ነበር። ሕንፃው ዛሬ ተጠናቆ ሱቆች ስለተከፈቱበት፣ «ቦታው ኮምቦልቻ ነው፤ የተቀረፀው ግን ካለፉት ዓመታት በአንዱ፣ ምናልባትም በሐምሌ ነው» ብለን ጻፍን፤ ዓመቱን ግን አልጠቀስንም።