«ፖሊስ ምን አድርጋችሁ ነው?»

እሁድ ማታ ደሴ ደወልኩ። እናቴ የጤና ጥያቄውን እንኳ በወጉ ሳትጨርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፣ ፖሊስ ምን አድርጋችሁ ነው?» አለችኝ። እኔ ደግሞ ደነገጥኩ። ለካስ በሳምንቱ መጀመሪያ የላክሁላት የልጄ ድምፅ ነው ጉዱን ያመጣው። ልጅቷ እያጨበጨበች ስትቆጥር በስልክ ቀድቼ ልኬ ነበር። እናቴ ከዚያ ሁሉ ጀርመንኛ የለየችው አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ ፖሊስ። ጎረቤት ተጠርቶ ተደምጧል፣ ስለትም ሳይገባ አልቀረም።

ልጄ የምትለው እዚህ ጀርመን ሕፃን ሁሉ የሚያውቀውን የቁጥር ግጥም ነው፦

አይንስ፣ ትስቫይ፣ ፖሊትሳይ፤
ድራይ፣ ፊር፣ ኦፊትሲር፤
ፊውንፍ፣ ዜክስ፣ አልተ ሄክስ፤
ዚበን፣ አኽት፣ ጉተ ናኽት፤
ኖይን፣ ትሴን፣ ሽላፈን ጌን።

አንድ ሁለት ፖሊስ፣ ሦስት አራት መኮንን፣ አምስት ስድስት አሮጊት ጠንቋይ፣ ሰባት ስምንት ደህና እደሩ፣ ዘጠኝ አሥር ወደ መኝታ ማለት ነው። ወረቀት ስንጠብቅ በነበረበት ጊዜ እኛ ፖሊስ የሚለውን ቃል ስንናገር እንኳ ዙሪያችንን እናይ ነበር። የጀርመን ልጅ ግን አንድ ሁለት ብሎ ሳይጨርስ ይጠራዋል።

ለእናቴ ያልነገርኳት ሌላ ታሪክ አለ። የልጄ ኪታ (ሕፃናት መዋያው ነው፣ የእኛ ቂጣ አይደለም) የካቲት ላይ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀንን ያከብራል። በእነሱ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 21 ነው። ወላጆች በየቋንቋችን የቁጥር ግጥም እንድናቀርብ ተጠየቅን። እኔም በራሴ ተማምኜ፣ ያንኑ የጀርመኑን ግጥም ቃል በቃል ወደ አማርኛ መልሼ ሄድኩ። ሃያ ሕፃን ክብ ሠርቶ ተቀምጧል፣ እጆች ለጭብጨባ ተዘጋጅተዋል። «አንድ ሁለት፣ ፖሊስ» አልኩ፤ አጨበጨቡ። «ሦስት አራት፣ መኮንን» ስል ጭብጨባው ተንገዳገደ። «አምስት ስድስት፣ አሮጊት ጠንቋይ» ስል እጆች አየር ላይ ቀሩ። «ዘጠኝ አሥር፣ ወደ መኝታ መሄድ» ብዬ ስጨርስ አንዱ ልጅ «አለቀ?» ብሎ ጠየቀ። መምህሯ በትሕትና አጨበጨበችልኝ። ያቺ ትሕትና ናት እስካሁን የምትቆጠቁጠኝ። ልጄ ደግሞ ቤት እስክንደርስ እጄን አልያዘችም። በር ላይ ስንደርስ «እማዬ፣ የአማርኛው አይጨፈርም» አለችኝ።

የአማርኛው አይጨፈርም! ቅኔ ባለበት አገር የተወለድኩ ሰው ይህን ከአራት ዓመት ልጅ ልስማ?

ከዚያ በኋላ ከአዛውንቶች መጦሪያው ሥራዬ ስመለስ፣ ባቡር ላይ ጣቴን እያጠፍኩ መቁጠር ጀመርኩ። ሰው እብድ ሳይለኝ አልቀረም። መጀመሪያ የገባኝ የጭብጨባው ነገር ነው። የጀርመኑ እያንዳንዱ ስንኝ አራት ጭብጨባ አለው፤ ሁለቱ በሁለቱ ቁጥሮች ላይ፣ ሁለቱ በቀጣዩ ሐረግ ላይ ያርፋሉ። የእነሱ ቁጥር አጭር ስለሆነ አንድ ቁጥር አንድ ምት ነው። የእኛ ይረዝማል፣ ግን ችግሩ እሱ አልነበረም። አምስት፣ ስድስት፣ ስምንት፣ አሥር መሃላቸው ላይ ይጠብቃሉ፤ ፊደሉ ባያሳየውም ጆሮ ይሰማዋል፣ እጅም እዚያው ላይ ያርፋል። የወደቅሁት በሁለተኛው ግማሽ ነው። «ወደ መኝታ መሄድ» የሚለውን ሁለት ጭብጨባ ውስጥ ለመክተት በሩጫ ማንበብ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ቤት መምታቱ መጣ። ይሄማ ቀላል ነው አልኩ። ከአንድ እስከ አሥር ካሉት ቁጥሮቻችን ሰባቱ በት ያልቃሉ። በዚያ ላይ ቤት የሚመታው ሁልጊዜ የየስንኙ ሁለተኛ ቁጥር ስለሆነ፣ አንድና ዘጠኝ ጓደኛ ቃል አይፈልጉም። ስለዚህ «አንድ ሁለት፣ ግቢ ቤት፤ ሦስት አራት፣ ጥሩ እናት፤ አምስት ስድስት፣ ጥሩ አክስት፤ ሰባት ስምንት፣ ጥሩ ሕይወት» ብዬ ደረደርኩ። በወረቀት ላይ ያምራል። ልጄ ግን ሦስት አራት ላይ ስትደርስ «ጥሩ ሕይወት»፣ ሰባት ስምንት ላይ «ጥሩ እናት» እያለች ታቀያይረዋለች። ተናድጄ ላርማት ስል ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አየሁ። የጀርመኑ በየስንኙ ድምፁን ይለውጣል፤ ዜክስን የሰማ ልጅ ከሄክስ ሌላ የሚሄድበት የለውም። የእኔ ሁሉም በት ስለሚያልቅ የትኛው ከየትኛው እንደሚሄድ ለልጁ አይነግረውም። የመጨረሻዋ ፊደል አልበቃችም፣ ከፊቷ ያለው ድምፅም መግጠም ነበረበት።

ስለዚህ ፖሊሱንም መኮንኑንም ጠንቋይዋንም አሰናበትኳቸው፤ ድምፁንና ምቱን ብቻ አስቀረሁ። ይኸው፦

አንድ ሁለት፣ ትኩስ ወተት፤
ሦስት አራት፣ መጣ እራት፤
አምስት ስድስት፣ ትልቅ ድስት፤
ሰባት ስምንት፣ ሙሉ ሳምንት፤
ዘጠኝ አሥር፣ አልጋ ሥር።

«ስድስት» ውስጥ «ድስት» ተቀምጦ ነበር፣ «አሥር» ውስጥ «ሥር»። ሠላሳ ዓመት ስቆጥር አላየሁትም። «መጣ እራት» ብቻ ትንሽ ታነክሳለች፤ ሁለቱ አናባቢዎች ስለሚጋጩ ልጆቹ «መጣራት» ብለው ይውጧታል፣ ምቱ ግን ይስተካከላል። ሳምንትና ስምንት ደግሞ መግጠማቸው ዝም ብሎ አይደለም፣ ዝምድና አላቸው። እኛ «የዛሬ ስምንት» ብለን አንድ ሳምንት ማለታችን አይደል? ጀርመኖችም ለአንድ ሳምንት «በስምንት ቀን» ይላሉ። ሰዓት በማክበር የሚመጻደቁብን ሰዎች ሰባቱን ቀን ስምንት ብለው እንደሚቆጥሩ ሳውቅ ደስታዬን አልደብቅም።

አገር ቤት ያላችሁ ጓደኞቼ «ልጅሽ አማርኛ እንዴት አቃታት? ቤት ውስጥ አታወሩም?» ትሉኛላችሁ። እናወራለን። ግን «ብይ፣ ተኚ፣ ልበሺ፣ ዝም በይ» ነው የምናወራው፤ አማርኛ የትእዛዝ ቋንቋ ሆኖ፣ ጨዋታው ሁሉ በጀርመንኛ ነው። ልትመጡ ሻንጣ የምታዘጋጁ፣ በርበሬውና ሽሮው እዚህ ፍራንክፈርትም ይሸጣል። ይልቅ ከመነሳታችሁ በፊት ሰፈር ውስጥ ልጆች ኩኩሉ ሲጫወቱ ቁጭ ብላችሁ ስሙ፣ የሚሉትን በስልካችሁ ቅዱ። እኔ «ኩኩሉ» «አልነጋም» ከሚለው ሌላ ያስታወስኩት የለም። ልጃችሁ በስድስት ወር ጀርመንኛ አቀላጥፎ መሥሪያ ቤት ሲያስተረጉምላችሁ መጀመሪያ ትኮራላችሁ። ከዚያ ቤት ገብቶ በማትሰሙት ቋንቋ ብቻውን ሲጫወት፣ በራችሁ ላይ እንደ እንግዳ ትቆማላችሁ።

ኪታው ሌላ ዕድል ሰጠኝ። በዚህኛው ጊዜ አጨበጨቡ፣ ደገሙት፣ ሦስተኛም አሉ። ዘጠኝን «ዘተኝ» ነው የሚሉት፤ ጠ አፋቸው ውስጥ አልገባ አለች። አሁን ልጄን ልወስድ ስሄድ ሁለት ብጫ ፀጉር ልጆች በአጥሩ በኩል «ትልቅ ድስት!» እያሉ ይጠሩኛል። ስሜ መስሏቸዋል።

አዲሱንም ቀድቼ ለእናቴ ላክሁላት፤ ይሄኛው ፖሊስ የለበትም ብዬ። ሙሉውን ሰምታ መልሳ ደወለች።

«ወተቱም እራቱም ይሁን» አለች፣ «ልጅቷን አልጋ ሥር ምን አስገባት?»