በጋ የደበቀው ኖራ

መቀሌ ውስጥ ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ነሐሴ ላይ አስጠራኝ። የሶላር ማሞቂያው ውሃ ለብ ከማለት አያልፍም። ባለቤቷ “ልጄ፣ ሌላ ፓኔል እንጨምርበት እንዴ? በጋ ላይ እኮ ያቃጥል ነበር” አሉኝ።

መጀመሪያ የደመናውን ድርሻ አሰላሁላቸው። ታንከሩ 200 ሊትር ይይዛል። ይህን ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 55 ለማድረስ 8.6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። ሰማዩ ድፍን ብሎ ሲውል ፓኔሉ የዚያን ሩብ ያህል ቢሰበስብ ነው። ያ ደግሞ ውሃውን በ9 ዲግሪ ብቻ ከፍ አድርጎ 27 ላይ ይተወዋል። ለእጅ ለብ ያለ ነው፣ ለገላ ግን ይቀዘቅዛል። ፓኔሉን እጥፍ ብናደርገው እንኳ 36 አካባቢ ነው የምንደርሰው።

ታንከሩ ውስጥ ግን ልክ ለእንዲህ ያለ ቀን የተገጠመ 1500 ዋት ኤለመንት አለ።

“እትዬ፣ ብሬከሩን ታበሩታላችሁ?”

“ሌሊቱን ሙሉ እናበራዋለን።”

ታዲያ ውሃው ለምን አልሞቀም? መብራቱን አጥፍቼ፣ ሽቦውን ነቅዬ በቴስተር ለካሁት። በ220 ቮልት የሚሠራ 1500 ዋት ኤለመንት 32 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። ይሄኛው ምንም አያሳይም፤ ተቃጥሏል። ውሃውን አፍስሼ ስፈታው በገባበት ቀዳዳ አልወጣም አለ። ነጭ ቅርፊት ዙሪያውን ተጋግሮበታል።

የመቀሌ ከርሰ ምድር የኖራ ድንጋይ ስለሆነ የጉድጓዱ ውሃ ካልሲየም ይበዛበታል። ውሃው ሲሞቅ፣ በተለይ ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ካልሲየሙ ከውሃው ወጥቶ የጋለ ነገር ላይ ይለጠፋል። ቅርፊቱ ሲወፍር የኤለመንቱ ሙቀት ወደ ውሃው ቶሎ አይወጣም፣ ኤለመንቱ ራሱን ያቃጥላል። በጋ ላይ ፀሐይዋ ብቻዋን ትበቃ ስለነበር መቃጠሉን ማንም አላወቀም።

አዲስ ኤለመንት ገጠምኩ። ግን ያው ውሃ በፓኔሉ ቀጫጭን የመዳብ ቱቦዎችም ያልፋል። እዚያ ፓምፕ የለም፤ ውሃው ሲሞቅ ቀለል ብሎ በራሱ ወደ ታንከሩ ይወጣል። ግፊቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ቱቦው በኖራ ትንሽ ሲጠብ ዝውውሩ ይዳከማል። ይህን በደመና ቀን መለየት አይቻልም። ሰማዩ የጠራ ቀን ጠብቄ ወጣሁ። ከፓኔሉ የሚወጣው ቱቦ እጅ አያስነካም፣ ታንከሩ ግን ከሰዓት በኋላም ለብ እንዳለ ነው። ኖራው እዚያም ነበር ማለት ነው።

በማግስቱ ማለዳ፣ ፓኔሉን በብርድ ልብስ ሸፍነን ከታንከሩ ለየነው። 5 በመቶ ሲትሪክ አሲድ የተቀላቀለበት ውሃ በትንሽ ፓምፕ አዟዟርንበት። አሲዱ ኖራውን ሲበላ አረፋ ይወጣል። አረፋው እስኪቆም ጠብቀን በንጹህ ውሃ ደጋግመን አጠብነው።

የኤለመንቱን ቴርሞስታት ከ75 ወደ 60 አወረድኩት። ባለቤቷ ፓኔል መግዛቱን ተዉት። ኤለመንቱን በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ ፈትተን ልናየው ተስማማን።