ከአሥር ኪሎ ወደ አንድ ጆንያ፦ የዳቦ ቤት የወጪ ሰንጠረዥን እንዴት እንዳጣራሁ

በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው አቅጣጫ በሚገኝ አንድ ዳቦ ቤት የወጪ ሂሳብ እሠራለሁ። ሥራውን ስረከብ የጠበቀኝ በኤክሴል የተዘጋጀ የምርት ወጪ ሰንጠረዥ ነበር። ባለቤቱም የአንድ ዳቦ የጥሬ ዕቃ ወጪ 6 ብር ከ28 ሳንቲም እንደሆነ ከዚያ እያነበቡ የመሸጫ ዋጋ ይወስኑ ነበር። ይሁን እንጂ በወሩ መጨረሻ ከመጋዘን የወጣው ዱቄት፣ እርሾና ዘይት ከሽያጩ ጋር ሲመሳከር የሚገኘው ትርፍ ሰንጠረዡ ከሚለው በእጅጉ ያንስ ነበር። በመጀመሪያ የተጠረጠረው ስርቆት ነው። እኔ ግን ሠራተኛን ከመጠርጠር በፊት ሰንጠረዡ ራሱ መመርመር አለበት የሚል አቋም ያዝሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዋጋዎች ስሌቱን ለመከታተል እንዲመቹ የተጠጋጉ እንጂ የገበያ መረጃ አይደሉም።

የምግብ አዘገጃጀቱ መነሻ በ10 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት የተሠራ ሙከራ ነው፦ ውሃ 5.8 ኪሎ፣ ደረቅ እርሾ 100 ግራም፣ ጨው 180 ግራም፣ ስኳር 200 ግራም፣ ዘይት 200 ግራም፣ የሊጥ ማሻሻያ 30 ግራም። ማቡኪያ ማሽናችን በአንድ ጊዜ ባለ 50 ኪሎ ጆንያ ዱቄት ስለሚይዝ ሁሉም በ5 ይባዛል። ይህ ብዜት ቀላል ስለሚመስል ማንም ደግሞ አያየውም፤ እኔ ግን ምርመራውን የጀመርኩት ከዚያ ነው።

የዳቦ ባለሙያዎች መጠንን የሚይዙት ዱቄቱን መቶ አድርገው፣ ሌላውን ሁሉ የዱቄቱ በመቶኛ አድርገው ነው። በዚህ አያያዝ ውሃው 58፣ እርሾው 1፣ ጨው 1.8፣ ስኳርና ዘይት እያንዳንዳቸው 2፣ ማሻሻያው 0.3 በመቶ ይሆናሉ፤ ድምሩ ከዱቄቱ ጋር 165.1 ነው። መጠኑ ቢያድግም ቢያንስም እነዚህ መቶኛዎች አይለወጡም። ስለዚህ ከሙከራው ዓምድ አጠገብ አንድ፣ ከጆንያው ዓምድ አጠገብ ደግሞ ሌላ የመቶኛ ዓምድ ጨመርኩና ረድፍ በረድፍ አመሳከርኳቸው። በሰንጠረዡ የዱቄቱ ረድፍ 5ኛው ሲሆን፣ የማባዣው ቁጥር የተቀመጠው በ`F2` ላይ ነው።

```
D6:  =B6*$F$2
C6:  =B6/$B$5
E6:  =D6/$D$5
```

የ`C` እና የ`E` ዓምዶች በሁሉም ረድፍ እኩል መሆን ሲገባቸው በጨው ረድፍ ላይ ተለያዩ፤ አንዱ 1.8፣ ሌላው 0.9 በመቶ ይላል። `Ctrl+`` ተጭኜ ቀመሮቹን ስገልጥ በጨው ረድፍ ላይ ቀመር የለም፤ በእጅ የተጻፈ 0.45 ኪሎ ብቻ ነው። ቀደም ሲል በግማሽ ጆንያ ይቦካ በነበረበት ጊዜ የገባ ቁጥር ይመስላል፤ ማባዣው ወደ 5 ሲለወጥ ሌላው ሁሉ አብሮ አደገ፣ ጨው ግን ባለበት ቀረ። በገንዘብ ሲታይ ልዩነቱ 13 ብር ከ50 ሳንቲም ብቻ በመሆኑ ጠቅላላ ወጪውን በማየት ፈጽሞ አይገኝም። ዳቦው ላይም አልታየም፤ ዋናው ጋጋሪ ጨውን የሚመዝኑት ከወረቀት ሳይሆን ከልምዳቸው ስለሆነ ትክክለኛውን 900 ግራም ሲያስገቡ ኖረዋል። የመቶኛውን ዓምድ የምወደው ለዚህ ነው፤ የዕቃው ዋጋ ከፍ ቢልም ዝቅ ቢልም የመጠን ስህተትን እኩል ያሳያል።

ቀጥሎ ወደ መለኪያ ዋጋ አለፍኩ። እዚህ ላይ የሚያሳስተው ዕቃ የሚገዛበትና የሚወጣበት መለኪያ መለያየቱ ነው። ዱቄትና ስኳር በኪሎ ተገዝተው በኪሎ ስለሚወጡ ችግር አልነበረባቸውም። ዱቄቱ በጆንያ 4,500 ብር ነው፤ የጫኝና አውራጅ እንዲሁም የመኪና ኪራይ ተጨምሮበት መጋዘን የደረሰበት ዋጋ መሆኑንም ከደረሰኞቹ አረጋገጥኩ። እርሾ ግን በካርቶን ይገዛል፤ አንዱ ካርቶን 20 እሽግ ይይዛል፣ ዋጋውም 6,000 ብር ነው። ሰንጠረዡን ያዘጋጀው ሰው 6,000ን ለ20 አካፍሎ 300 ብር አግኝቷል፤ ይህን ቁጥር ያስገባው ግን «የአንድ ኪሎ ዋጋ» በሚለው ዓምድ ውስጥ ነው። እሽጉን አንስቼ ሳየው የተጻፈበት 500 ግራም ነው። ስለዚህ የአንድ ኪሎ እርሾ ዋጋ 600 ብር ነው፤ ለአንድ ጆንያ የሚገባው ግማሽ ኪሎም የሚያወጣው 150 ሳይሆን 300 ብር ነው።

ዘይቱ የበለጠ የተሰወረ ነበር። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን በ6,000 ብር ተገዝቶ ሊትሩ 300 ብር ሆኗል፤ የምግብ አዘገጃጀቱ ግን ዘይትን የሚጠቅሰው በኪሎ ነው። የምግብ ዘይት ከውሃ ስለሚቀል አንድ ሊትሩ የሚመዝነው 0.92 ኪሎ ገደማ ነው። በመጽሐፍ ቁጥር ብቻ ላለመተማመን ባዶውን ጄሪካንና ሙሉውን በመጋዘኑ ሚዛን ላይ አስመዘንኩ፤ የተጣራው ዘይት 18.4 ኪሎ ሆነ። 6,000 ለ18.4 ሲካፈል የኪሎው ዋጋ 326 ብር ይሆናል። 26 ብር በአንድ ጆንያ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ዘይት በብዛት የሚገባበት ኬክ ወይም ብስኩት በዚሁ ሰንጠረዥ ቢሰላ ስህተቱ በዚያው ልክ ያድግ ነበር። ከዚህ በኋላ ለእያንዳንዱ ዕቃ ሦስት ነገሮች ለየብቻ እንዲጻፉ አደረግሁ፦ የተገዛበት ዋጋ፣ በግዢው ውስጥ ያለው የተጣራ ኪሎ፣ የሁለቱ ውጤት የሆነው የኪሎ ዋጋ። አካፋዩ ቁጥር በዓይን የሚታይ ሲሆን «20 ምን?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

እነዚህ ሁሉ ሲታረሙ የአንድ ጆንያ ጥሬ ዕቃ ወጪ ከ5,158 ብር ከ50 ሳንቲም ወደ 5,348 ብር ከፍ አለ። ይህ ግን የትርፉን መጥፋት አይገልጽም። ትልቁ ስህተት የተቀመጠው ወጪው በሚካፈልበት የዳቦ ብዛት ላይ ነበር።

ሰንጠረዡ ከአንድ ጆንያ 821 ዳቦ ይወጣል ይላል። ይህ ቁጥር የተገኘው የሊጡን ጠቅላላ ክብደት ለ100 ግራም በማካፈል ነው፤ 100 ግራም ደግሞ ደንበኛው የሚገዛው የበሰለ ዳቦ ክብደት እንጂ የሊጥ ክብደት አይደለም። ሊጥ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ውሃው ይተንናል። እኛ ጋ 120 ግራም ሆኖ የተቆረጠ ሊጥ በስሎና ቀዝቅዞ ሲመዘን 103 ግራም አካባቢ ይሆናል፤ ከ14 በመቶ በላይ ቀንሷል ማለት ነው። በተጨማሪም በማሽኑ ገንዳና በጠረጴዛው ላይ የሚቀረው ሊጥ፣ በኩፍታውም ጊዜ የሚጠፋው ጥቂት ክብደት አለ፤ ከማሽን የወጣውን ሊጥና የተቆረጡትን ድቡልቡሎች አስመዝኜ ይህን ልዩነት 1.5 በመቶ አግኝቼዋለሁ። እንግዲህ ጨው ከተስተካከለ በኋላ ያለው 82.55 ኪሎ ሊጥ 1.5 በመቶ ሲቀነስለት 81.3 ኪሎ ይቀራል፤ ይህ ለ120 ግራም ሲካፈል 677 ዳቦ ይሰጣል። 5,348 ብር ለ677 ሲካፈል የአንዱ ዳቦ ጥሬ ዕቃ 7 ብር ከ90 ሳንቲም ነው። ከቀድሞው ጋር ያለው ልዩነት በዳቦ 1 ብር ከ62 ሳንቲም፣ በጆንያ ወደ 1,100 ብር ይጠጋል። የተጠረጠረው ሌባ እዚህ ስሌት ውስጥ ነበር።

በወረቀት ላይ 677 መድረስ ግን ማጣራት ተፈጸመ ማለት አይደለም፤ ምርቱ ላይ ቆሞ መቁጠር ያስፈልጋል። አንድ ጆንያ ከተቦካ በኋላ ዳቦውን በሳጥን በሳጥን ስናስቆጥር የተገኘው 658 ነው። ወደ 20 ዳቦ የት ሄደ? ከቆራጩ ጠረጴዛ 20 ድቡልቡል አንስቼ አንድ ላይ ሳስመዝን 2.46 ኪሎ ሆኑ፤ አማካዩ 123 ግራም ነው። ለዋናው ጋጋሪ ይህን ሳሳያቸው «ወንድሜ፣ ከ100 ግራም በታች የሆነ ዳቦ ከሚያሳፍረኝ ሦስት ግራም ብጨምር ይሻለኛል» አሉኝ። በእጅ ለሚቆርጥ ሰው ምክንያታቸው ትክክል ነው፤ አንዱ 118፣ ሌላው 127 ሊሆን ስለሚችል አማካዩ ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። በ123 ግራም ሲሰላ የሚጠበቀው 661 ስለሆነ ከቆጠራው ጋር ያለው ልዩነት ወደ ሦስት ወረደ፤ እሱም ባረሩና ለሽያጭ ባልበቁ ዳቦዎች ይገለጻል። ስለዚህ በሰንጠረዡ ውስጥ ሁለት የክብደት ሴሎች አኖርኩ፤ አንዱ የታቀደው 120፣ ሌላው በየሳምንቱ የሚመዘነው አማካይ ነው። የመሸጫ ዋጋ የሚወሰነው በሁለተኛው ሲሆን ወጪው በእሱ 8 ብር ከ9 ሳንቲም ነው።

ውሃን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ውሃ በሰንጠረዡ ውስጥ ዋጋው ዜሮ ነው፤ በቦቴ የምንገዛውን ከመብራትና ከጄኔሬተር ናፍጣ ጋር በሌላ መዝገብ እንይዘዋለን። በዚህ ምክንያት ረድፉን ከናካቴው የመሰረዝ ፈተና አለ። ነገር ግን ውሃ ከሊጡ ክብደት ከሦስት አንድ እጅ በላይ ይይዛል፤ በ50 ኪሎ ዱቄት ላይ የአንድ በመቶ ለውጥ ግማሽ ሊትር፣ ግማሽ ሊትር ደግሞ አራት ዳቦ ነው። ጋጋሪው ውሃውን የሚጨምሩት ሊጡን በእጃቸው እየዳሰሱ በመሆኑ፣ የሚቀዱበት ባልዲ ላይ የሊትር ምልክት አስደርገን የገባውን መጠን እንዲያስመዘግቡ ተስማማን። ዱቄት ከፋብሪካ ፋብሪካ ውሃ የመያዝ አቅሙ ይለያያል፤ አዲስ ጭነት ሲገባ የመጀመሪያው ጆንያ ውሃው ተለክቶ፣ ሊጡ ተመዝኖ፣ ዳቦው ተቆጥሮ 58 የሚለው ቁጥር ካስፈለገ ይታረማል። በሙከራው ዓምድ ላይ አንድ ጊዜ ከተለወጠ የጆንያው መጠን፣ የዳቦው ብዛትና የአንዱ ወጪ ተከትለው ይለወጣሉ፤ ከዋጋው አጠገብ ደግሞ ደረሰኙ የተቆረጠበት ቀን ይጻፋል።