«ምን አጥፍቼ ነው?»

ትናንት ማታ እማዬ ስልኳን ይዛ መጣች። «ምን ትላለች፣ አንብቢልኝ» አለችኝ። የወንድሜ ሚስት እናት ናቸው የላኩት። ወንድሜ ያገባት ልጅ አማርኛ አትችልም፣ እናቷም አይችሉም። እማዬ ደግሞ እንግሊዝኛ የላትም። ከሠርጋቸው ጀምሮ በሁለቱ እናቶች መሀል የሚመላለሰው ምርቃት ሁሉ በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው።

መጀመሪያ ላይ ቃል በቃል እተረጉም ነበር። አንዲት ቃል ብጥል የሰው አደራ የበላሁ ይመስለኝ ነበር።

ይህን ልማዴን ያስተወኝ የወንድሜ ሚስት የወለደች ቀን ነው። ምጡ ረጅም ነበር። እማዬ ሌሊቱን ቁጭ ብላ አደረች። ወሬው ሲደርሳት እያለቀሰች «እንኳን ማርያም ማረችሽ በያት» አለችኝ። እኔም እንዳለ ገለበጥኩት። ማርያም ይቅር ስላለችሽ ደስ ብሎናል ብዬ ላክሁ። ትንሽ ቆይታ መለሰችልኝ፦ «ምን አጥፍቼ ነው?»

ስልኩን ይዤ ደነገጥኩ። ገና ከምጥ የተነሳችን ሴት ጥፋቷን እንድትፈልግ ነው ያደረግኳት። «ማረ» የሚለው ቃል ለበደለኛም ይሆናል፣ ከሞት ለተረፈም ይሆናል። እማዬ የተናገረችው ሁለተኛውን ነው። ወላድ በሞትና በሕይወት መሀል ቆይታ ተመለሰች፣ ተረፈች ማለቷ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው የያዘው። እኔ ቃሉን አደረስኩ፣ እማዬ ሌሊቱን ሙሉ የፈራችውን ፍርሃት ግን መንገድ ላይ አስቀረሁት።

ወዲያው ሌላ ጻፍኩላት። «እማዬ ሌሊቱን አልተኛችም። በሰላም ስለተገላገልሽ አሁን ልቧ አረፈ። ልጅሽን ያሳድግልሽ ትላለች» የሚል ነው፣ በእሷ ቋንቋ። ማርያም የሚለውን ስም እዚያ ላይ ተውኩት። ስሙ በእማዬ አፍ ሙሉ ትርጉም አለው፣ ለእሷ ግን ማብራሪያ የሚፈልግ እንግዳ ነው የሚሆንባት። ሌሊቱን አለመተኛቷን ግን ጨመርኩ። እማዬ በአፏ አልተናገረችውም፣ ቢሆንም በዚያ ምርቃት ውስጥ አለ። የወንድሜ ሚስት በዚህኛው አለቀሰች። በኋላ ራሷ ነገረችኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ሰውዬው ይህን ሲል ምን ተሰምቶት ነው? መጀመሪያ እሱን በራሴ ቋንቋ ለራሴ እናገረዋለሁ። ከዚያ በኋላ ነው የምጽፈው።

ትናንት የመጣው የእናቷ መልዕክት ረጅም ነበር። ልጅቷ አሁን ሁለት ወሯ ነው። «በዚህች ትንሽ የደስታ ጥቅል እንኳን ደስ አለዎት» ይላል ቃል በቃሉ። ቀጥሎ የዕድሜ ልክ ፍቅርንና ውብ ትዝታዎችን ይመኛል። መሀል ላይ ደግሞ የሕፃኗ ጆሮ ልክ የአባቷን እንደሚመስል አይተው መገረማቸውን ይናገራል።

«ጥቅል» ብዬ ባነብላት እማዬ ዕቃ የተላከላት ይመስላታል። «የዕድሜ ልክ» የሚለውን ከሠርጉ ጊዜ ጀምሮ እፈራዋለሁ። በአማርኛ ዕድሜ ልክ ሲባል ጆሮ የሚጠብቀው «እስራት» የሚለውን ነው። ለሙሽሮች «የዕድሜ ልክ ፍቅር እመኝላችኋለሁ» ብሎ መጻፍ ፍርድ ማንበብ ይሆናል። ያኔ «ትዳራችሁ ይባረክ። በፍቅር አብሮ ያስረጃችሁ» ብዬ ነበር ያነበብኩት። «ውለዱ ክበዱ» አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ግን እናቷ ስለ ልጅ ምንም አላሉም። ላኪው ያላለውን ምኞት መጨመር አልፈልግም፣ በተለይ ልጅን የሚነካ ከሆነ። የሰው ቤት ውስጥ ያለው አይታወቅም።

ታዲያ ትናንት ጥቅሉንም ትዝታውንም ተውኳቸው። ጆሮውን ግን አልተውኩም። የምኞት ቃል በሌላ የምኞት ቃል ይተካል። ላኪው በዓይኑ ያየው ነገር ግን ምትክ የለውም። ከረጅሙ መልዕክት ውስጥ በእርግጥ የእሳቸው ብቻ የሆነው ያ ጆሮ ነው። እንዲህ ብዬ በአማርኛ ጻፍኩት፦

«እንኳን ደስ አለን። ጆሮዋ ቁርጥ የአባቷ ነው። በጤና ያሳድግልን።»

ከነክፍተቱና ከነአራት ነጥቡ 41 ቦታ ይይዛል። በተራ የስልክ አጭር መልዕክት ላይ ለላቲን ፊደል 160 ቦታ ሲኖር በእኛ ፊደል 70 ብቻ ነው የሚኖረው። ከዚያ ካለፈ ይከፈላል። ምርቃት ለሁለት ተከፍሎ ሲደርስ ደስ አይለኝም፣ ስለዚህ ሁልጊዜ እቆጥራለሁ። 70 ትንሽ ይመስላል እንጂ ለምርቃት ይበቃል። «ያሳድግልን» ስድስት ፊደል ብቻ ናት፣ ማን እንደሚያሳድግ፣ ለማን እንደሚያሳድግ ሁሉ ውስጧ አለ።

በእንግሊዝኛው «እንኳን ደስ አለዎት» ነበር። እኔ «አለን» አልኩት። ሁለቱም አያት ናቸው፣ ደስታው የጋራ ነው። በእኛ ቋንቋ አንዷ አያት ሌላዋን «ደስ አለዎት» ብትል ራሷን ከዘመድ ያወጣች ትመስላለች። ደግሞ «እመኛለሁ» የሚለውን አወጣሁት። እኛ ስንመርቅ «እኔ» አንልም። ያሳድግ፣ ያኑር፣ ይባርክ ነው የምንለው። የሚያደርገው ሌላ ነው፣ ስሙም ሳይጠራ ይታወቃል። እናቷ የፈጣሪን ስም አልጠሩም፣ እኔም አልጠራሁባቸውም። «ያሳድግልን» ለዚህ ይመቻል። የሚያምን ሰው ማን እንደሆነ ያውቃል፣ ላኪዋም ያላሉትን አሉ አይባልም።

በዓል ሲመጣ ሥራው ይቀለኛል። «መልካም በዓል» የሚለውን ለእማዬ «እንኳን አደረሰዎ» ብዬ አነብላታለሁ፣ እሷም «እንኳን አብሮ አደረሰን» ትላለች። ወደዚያኛው ስወስደው ብቻ ነው የምጠነቀቀው። አንዴ «በሰላም ስለደረሳችሁ ደስ ብሎናል» ብዬ ብልክ «የትም አልሄድንም እኮ» የሚል መልስ መጣ። አሁን «ይህን ቀን በጤና ስላየን ደስ ብሎናል፣ የሚመጣውንም አብረን እንይ» እላለሁ።

ትርጉሙ መሳካቱን የማውቀው በእማዬ መልስ ነው። ቃል በቃል ሳነብላት «እግዜር ይስጥልኝ በያት» ብላ ዝም ትል ነበር። ደብዳቤ እንደደረሳት ሰው ማለት ነው። ምርቃት ሲሆን ግን መልሱ ሌላ ነው።

ትናንት የጻፍኩትን አነበብኩላት። «ጆሮዋ ቁርጥ የአባቷ ነው» ስል ሳቀች። «በጤና ያሳድግልን» ስል ሁለት እጇን ዘረጋች። «አሜን፣ አሜን። አሜን ብላለች በያት።»

ስልኩን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ቃሉ በእነሱም ቋንቋ አለ፣ ግን በእሳቸው ቤት ለምኞት የሚመለሰው ምስጋና ነው። በመጨረሻ «እማዬ እጇን ዘርግታ ተቀበለችው። ቃልዎ ይድረስልን ብላለች» ብዬ ላክሁላቸው።